ከጉዞ በፊት ስንት ልመንዝር?

«ለ7 ቀን ውጭ አገር ልሄድ ነው። ስንት ልመንዝር? ከባንክ፣ ከኤርፖርት ወይስ በካርድ?»

ከመነሳትህ በፊት ከባንክ የመጀመሪያውን ቀን የሚሸፍን ብቻ ያዝ። በቀን 50 ዶላር ያህል በጥሬው የምታወጣ ከሆነ የ60 ዶላር ምንዛሪ ለታክሲ፣ ለምግብና ለሲም ካርድ ይበቃል። ባንክህ የዚያ አገር ገንዘብ ከሌለው ያችኑ ያህል ስትደርስ ኤርፖርት መንዝር፣ ከዚያ በላይ ግን አትንካ። «ኮሚሽን የለም» የሚለው ማስታወቂያ አያታልልህ፤ የመንዛሪዎቹ ትርፍ በመግዣና በመሸጫው ልዩነት ውስጥ ተደብቋል።

ቀሪውን 300 ዶላር ያህል ከኤቲኤም አውጣ፣ ግን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እያልክ አይደለም። በአንድ ጊዜ 5 ዶላር የሚቆረጥ ከሆነ፣ 50 ስታወጣ 10 በመቶው ሄደ ማለት ነው። 150 ስታወጣ ግን 3 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ሁለቴ ማውጣት ይበቃሃል።

ማሽኑ «በካርድህ ገንዘብ ወይስ በዚህ አገር ገንዘብ?» ብሎ ከጠየቀህ የዚያን አገር ምረጥ። እኔ አንዴ ደክሞኝ የማውቀውን ገንዘብ ስላየሁ ብቻ ተጫንኩት። ምንዛሪውን ባንኬ ሳይሆን የማሽኑ ባለቤት ተመነልኝ፣ ጉድ ሆንኩ። ሆቴል በካርድ ስትከፍልም ይኸው ጥያቄ ይመጣል። ካርድህ ውጭ አገር እንደሚሠራ ግን ሳትነሳ ባንክህን ጠይቅ።