የመጀመሪያዎቹ 4 ኪሎዎች ምን ነበሩ?

«እንጀራና ዳቦ ትቼ በ2 ሳምንት 4 ኪሎ ቀነስኩ። ጂም ከጀመርኩ ወዲህ ግን 3 ሳምንት ሙሉ ሚዛኑ ንቅንቅ አላለም። ምግቤን ከዚህም በላይ ልቀንስ?»

እህቴ፣ አትቀንሺ። እኔ እዚሁ አዳማ ልክ አንቺ የደረስሽበት ቦታ ላይ ደርሼ ምግቤን ስለቀነስኩ፣ የከሰርኩትን ለመመለስ ወራት ፈጅቶብኛል።

1ኛ፦ ያ 4 ኪሎ በአብዛኛው ውሃ ነው። ሰውነት ከእንጀራና ከዳቦ የሚያገኘውን ስኳር ግላይኮጅን በተባለ መልክ በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ያከማቻል። ክምችቱ ግማሽ ኪሎ ገደማ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ግራም 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይቀመጣል። እንጀራው ሲቀር ክምችቱ ይመናመናል፣ ውሃውም በሽንት ይወጣል፤ ከምግቡ ጋር የሚገባው ጨው ሲያንስ ደግሞ ሌላ ውሃ ይከተላል። እስቲ አስቢው፦ አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ያህል ስለሚይዝ፣ በ14 ቀን 4 ኪሎ ስብ ለማጣት በየቀኑ 2,200 ካሎሪ መጉደል አለበት። ይህ ለብዙ ሴቶች የቀኑን ሙሉ ወጪ የሚያህል ስለሆነ፣ ሁለት ሳምንት ምንም ሳይቀምሱ እንደመዋል ነው።

2ኛ፦ ላብን እንደ ስብ አትቁጠሪ። በ2014 ዓ.ም. 92 ኪሎ ሆኜ የተመዘገብኩበት ጂም አሰልጣኝ፣ በዚህ በአዳማ ሙቀት ላስቲክ ጃኬት አስለብሶ ያስሮጠን ነበር። ከሩጫው በኋላ ሚዛን ላይ ወጥቼ አንድ ኪሎ ቀንሼ ሳይ ደስ ይለኛል፤ ቤት ገብቼ አንድ ሊትር ውሃ ስጠጣ ግን ያው ኪሎ ተመልሶ ይመጣል። ሚዛኑ ሲቆምብኝ «ስለምትበላ ነው» ተባልኩና፣ በሁዳዴ ከሰዓት በኋላ አንድ ሰሃን ሰላጣ ብቻ ወደ መብላት ወረድኩ። ክብደት ማንሳትም አቁሜ ሩጫ ብቻ ሆነ።

በሦስት ወር 80 ኪሎ ገባሁ። ሰው ሁሉ አደነቀኝ፤ ነገር ግን 12 ኪሎ ጠፍቶ ወገቤ ከ104 ወደ 98 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነበር የወረደው። ፑሽአፕ ከ20 ወደ 8 ወረደብኝ። ከገበያ ብቻዬን ባጃጅ ላይ እጭነው የነበረውን ግማሽ ኩንታል ጤፍ ከመሬት ላነሣው ስታገል ነጋዴው አይቶ ሲያግዘኝ፣ የጠፋው ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ፕሮቲን ሳይገባና ክብደት ሳይነሣ ምግቡ እንዲያ ሲጎድል፣ ሰውነት ከስቡ ጋር ጡንቻውንም አፍርሶ ይጠቀማል።

ፋሲካ በዋለ በአራት ቀን ውስጥ ዶሮ ወጡና ዳቦው ሚዛኑን በ3 ኪሎ አስጨመረው። አሰልጣኙ በሰው ፊት «ሆዳም» ብሎ ሰደበኝ፣ ቀድሜ የከፈልኩትንም ገንዘብ አልመለሰልኝም። ያን ያህል ስብ ለማከማቸት ከወጪዬ በላይ ከ23,000 ካሎሪ በላይ መብላት ነበረብኝ፤ የተመለሰው የግላይኮጅኑና የጨው ውሃ ነበር። ሙያዬ ነው የሚል ሰው ይህን አለማወቁ ዛሬም ያናድደኛል።

በሁለተኛው ዙር ከ84 ኪሎ ተነሣሁ። ከቀን ወጪዬ 500 ካሎሪ ያህል ብቻ አጎደልኩ፤ በየምግቡ ምስር፣ ሽሮ ወይም እንቁላል እንዲኖር አደረግኩ፤ በሳምንት ሦስት ቀን ክብደት አነሣሁ። በአራት ወር ሚዛኑ የወረደው 4 ኪሎ ብቻ ቢሆንም ወገቤ ከ101 ወደ 94 ሴንቲ ሜትር ገባ፣ ፑሽአፑም 26 ደረሰ። በዚህኛው 80 ኪሎ እኮራለሁ።

3ኛ፦ ወደ አንቺ ስመለስ፣ ጂም አዲስ የጀመረ ሰው ጡንቻው በሚጠገንበት ጊዜ ውሃ ይይዛል፤ የወር አበባ ሲቃረብም እንዲሁ። በሳምንት ግማሽ ኪሎ ስብ እየወጣ ቢሆን እንኳ፣ አንድ ኪሎ ተኩል ውሃ ሦስቱን ሳምንት ሙሉ ሊሸፍነው ይችላል። ስለዚህ በልብስ ሰፊ ሜትር ወገብሽን በእምብርትሽ ትይዩ፣ ጠዋት ከሽንት ቤት መልስ፣ ትንፋሽሽን አውጥተሽ በሳምንት አንድ ጊዜ ለኪ። ሚዛኑን በየቀኑ በዚያው ሰዓት ጻፊና የሳምንቱን አማካይ ካለፈው ሳምንት አማካይ ጋር አስተያዪ። የምታነሺውንም ክብደት መዝግቢ።

ወገብሽ እየጠበበ ጉልበትሽ ካልቀነሰ ምግቡን አትንኪው። ሚዛኑ እየወረደ የምታነሺው ክብደትም እያነሰ ከሄደ፣ ምግቡን በተለይም ፕሮቲኑን ጨምሪ። ወገብሽም አማካዩም አራት ሳምንት ሙሉ ካልተንቀሳቀሱ ብቻ፣ ያኔ ከምሳሽ ትንሽ ቀንሺ።