ለተከራካሪ ወጣቶች፦ የካርኒጊን ቤተ መጻሕፍት ራሳችሁ አንሱት

ውድ ልጆቼ፣

«ያለአግባብ የተገኘ ሀብት በኋላ በሚሰጥ ምጽዋት አይነጻም» የሚለውን ሐሳብ ደግፋችሁ ልትከራከሩ ነው። ዕድሜዬን በጥብቅና ያሳለፍኩ ነኝና አንድ ምክር ልስጣችሁ። ንግግራችሁን በቀማኛና በሙሰኛ አትጀምሩት፤ ያንን ማንም ይረታል። ተቃዋሚዎቻችሁ ሊጠሩት ያዘጋጁትን ሰው፣ አንድሩ ካርኒጊን፣ እናንተው ቀድማችሁ አንሱት።

ካርኒጊ በዓለም ዙሪያ ከ2,500 በላይ ቤተ መጻሕፍት ያሠራ፣ ከመሞቱ በፊት አብዛኛውን ሀብቱን የሰጠ የአሜሪካ የብረት ከበርቴ ነው። ከፋብሪካዎቹ አንዱ በፒትስበርግ አጠገብ፣ ከወንዝ ዳር፣ ሆምስቴድ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1892 የሠራተኛ ማኅበሩ ውል ሊያልቅ ሲል ሥራ አስኪያጁ ሄንሪ ፍሪክ ደመወዝ እንዲቀነስ ጠየቀ፤ ማኅበሩ እምቢ ሲል የፋብሪካውን በር ዘጋ። ካርኒጊ ያኔ ስኮትላንድ ነበር፤ ፍሪክ በማኅበሩ ላይ የያዘውን አቋም ግን ደግፎታል። ሐምሌ ላይ ፒንከርተን ከተባለ የግል ጥበቃ ድርጅት የተቀጠሩ 300 ያህል ታጣቂዎች በሌሊት በጀልባ መጡ፤ ተኩስ ተከፈተ፤ ከሠራተኛውም ከታጣቂውም ሰው ሞተ። ቀጥሎ የክፍለ ግዛቱ ጦር ገባ፤ በኅዳር ማኅበሩ ተሸነፈ። ከዚያ በኋላ ደመወዙ ወረደ፣ የሥራው ቀን ወደ 12 ሰዓት ረዘመ።

እ.ኤ.አ. በ1898 ካርኒጊ እዚያው አካባቢ ሰፊ ቤተ መጻሕፍት ከሙዚቃ አዳራሽና ከመዋኛ ጋር አስከፈተ። ንግግራችሁ እዚህ ላይ ቆም ይበል። እሳት ፊት 12 ሰዓት ቆሞ የዋለ ሰው መቼ ነው የሚያነበው? የተወሰደበት ደመወዝና ጊዜ ነበር፤ የመጣለት መጽሐፍ ነው። ምን እንደሚያስፈልገው የወሰነለትም ደመወዙን የቀነሰበት ሰው ነው።

የተቃዋሚዎቻችሁን ጠንካራ መከራከሪያ ካርኒጊ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1889 ጽፎታል፦ ገንዘቡ በጥቂት በጥቂቱ ለሕዝቡ ከሚበተን በአንድ ሰው እጅ ተከማችቶ ለትልቅ ሥራ ቢውል ይሻላል ብሏል። ይህን አትናቁት፤ ብዙ አድማጭ በልቡ ይስማማበታል። መልሱ ግን አጭር ነው። ጥሩ ያዋልኩት ሁሉ የእኔ ይሆናል ካልን፣ የሰውን ገንዘብ ለመውሰድ ከባለቤቱ የተሻለ ዕቅድ መያዝ ይበቃል ማለት ነው።

ዘኬዎስን የሚጠቅስባችሁም አይጠፋም። ታሪኩን ደግማችሁ አንብቡት። ቀራጩ የገንዘቡን እኩሌታ ለድሆች እሰጣለሁ አለ፤ ያታለላቸውን ደግሞ አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። ምጽዋቱ ለብቻ፣ መመለሱ ለብቻ ነው። አንዱን በሌላው አላቻቻለም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም በቁጥር 2162 ያለአግባብ የበለጸገ ሰው የሚክሰው በእርሱ ኪሳራ የበለጸገበትን ሰው መሆኑን ይደነግጋል፤ ለሌላ ሰው የተሰጠ ስጦታ ያንን ዕዳ አይዘጋም።

በአንድ ሽምግልና ላይ ይህንኑ በዓይኔ አይቻለሁ። የቀን ሠራተኞቹን ክፍያ ያስቀረ ተቋራጭ፣ ለቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ቆርቆሮ የገዛበትን ደረሰኝ አውጥቶ ሽማግሌዎቹ ፊት አኖረ። አንድ አዛውንት ደረሰኙን አገላብጠው ካዩ በኋላ፣ «ከነዚህ ከተቀመጡት ልጆች የማን ስም አለበት?» ብለው ጠየቁት። ሰውየው የሚመልሰው አጣ። እናንተም በክርክሩ ላይ ይህን ጥያቄ ጠይቁ።

«ታዲያ ቤተ መጻሕፍቱ ይፍረስ?» ብለው ሊያጠምዷችሁ ይሞክራሉ። አይፍረስ በሉ። በመጻሕፍቱ የተማረው ልጅ ጥፋት የለበትም፤ ሕንጻው ጠቅሟል። የእናንተ ሐሳብ ስጦታው አይጠቅምም የሚል አይደለም፤ ሰጪውን ከዕዳው ነጻ አያወጣም የሚል ነው። ሁለቱን ካደባለቃችሁ ትረታላችሁ፤ ጎበዝ ተከራካሪዎች ሲወድቁ ያየሁት ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

ከበድ ያለው ጥያቄ የተበዳዩ ነገር ነው፦ የሞተ ወይም የማይታወቅ ከሆነስ? እዚህ ላይ ሐቀኛ ሁኑ። ባለመብቱ በእውነት ከጠፋ ለድሃ መስጠት ከሁሉ የተሻለው ምርጫ ሊሆን ይችላል፤ ይህን ብታምኑ ክርክራችሁ አይዳከምም። ሆምስቴድ ላይ ግን ተበዳዩ አልጠፋም። ብዙዎቹ ሠራተኞች እዚያው ነበሩ፣ ደመወዝ የሚቀበሉት ከዚያው ኩባንያ ነው። ሚስቶቻቸውና ልጆቻቸው የሚኖሩት እዚያው ሰፈር ነው።

«ምን ያድርግ ነበር?» ከተባላችሁ በዝርዝር መልሱ፦ የተቀነሰውን ደመወዝ ይመልስ፣ የሥራ ሰዓቱን ያሳጥር፣ የሟች ቤተሰቦችን ይካስ፣ ከማኅበሩ ጋር ለመደራደር ይቀመጥ። ይህን ሁሉ ለማድረግ አቅሙ ነበረው፤ እ.ኤ.አ. በ1901 ኩባንያውን የሸጠው በ480 ሚሊዮን ዶላር ነው። ፋብሪካውን የወረሰው ኩባንያ የብረት ሠራተኞችን ማኅበር በይፋ የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1937 ነበር፤ ቤተ መጻሕፍቱ ከተከፈተ 39 ዓመት ሆኖት ነበር።