ቻርጅባክን ለየትኛው ወር ሽያጭ ላካፍል?

«ሐረር ነኝ፤ የተቆላ ቡና ለውጭ ደንበኞች በካርድ እሸጣለሁ። ዲሴምበር 400፣ ጃንዋሪ 250 ሽያጭ ነበረኝ። ጃንዋሪ ላይ 3 ቻርጅባክና 14 ሪፈንድ መጣብኝ። ስንት ፐርሰንት ነው? ልስጋ?»

እህቴ፣ 3ን ለ250 ብታካፍይ 1.2% ይመጣል፤ ያስደነግጣል። ግን ቻርጅባክ፣ ማለትም ደንበኛው በባንኩ በኩል ገንዘቡን ሲያስመልስ፣ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። ለገና የገዛ ሰው ስቴትመንቱን አይቶ «ይሄን አላውቀውም» የሚለው ከሳምንታት በኋላ ነው። ማስተርካርድም የወሩን ቻርጅባክ የሚያካፍለው ላለፈው ወር ግብይት ነው። ስለዚህ 3 ለ400፣ 0.75%። ያልተሳኩ ክፍያዎችን ግን ከ400ው ውስጥ አውጪ፤ እነሱ ፐርሰንቱን ከእውነቱ አሳንሰው ያሳዩሻል።

ማስተርካርድ ነጋዴን ክትትል ውስጥ የሚያስገባው 1.5% እና በወር 100 ቻርጅባክ አንድ ላይ ሲሞሉ ነው። አንቺ ከዚያ ሩቅ ነሽ። ይሁን እንጂ ክፍያ የሚቀበልልሽ ድርጅት እስከዚያ ላይታገስ ይችላል። እኔ 1% ከመድረሱ በፊት እያንዳንዱን ከፍቼ አነባለሁ። ተከራክረሽ ብታሸንፊም ቁጥሩ ላይ ይቆጠራል።

ለሪፈንድ እንዲህ ያለ የካርድ ኩባንያ ገደብ የለም። እያንዳንዱን ወደተሸጠበት ወር መልሺው። 14ቱም የዲሴምበር ከሆኑ 3.5% ነው። አንድ ትዕዛዝ ሁለት ጊዜ በከፊል ተመልሶ ከሆነ እንደ አንድ ቁጠሪው። ከዚያ ምክንያቱን እዪ። እኔ ጋ አንዴ ሪፈንዱ የጨመረው በአንድ ዙር ጭነት ነበር፤ ከረጢቱ በደንብ አልታሸገም፣ ቡናው ሽታው ጠፍቶ ደረሰ። ገንዘቡን ቶሎ ስመልስ አንዳቸውም ወደ ባንክ አልሄዱም። ሪፈንድ ከፍ ብሎ ቻርጅባክ ዝቅ ካለ ችግሩ ዕቃው ላይ ነው። ሪፈንድ ሳይጨምር ቻርጅባክ ብቻ ከወጣ ግን የተሰረቀ ካርድ ወይም ስቴትመንት ላይ የማይታወቅ የሱቅ ስም ጠርጥሪ።