የሹራብ አንገት ላይ ቀለበት አነሳስ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ ለ5 ዓመት ልጄ ሹራብ ጨርሼ አንገቱ ላይ ሪብ ልሰራ ስል ስንት ቀለበት ማንሳት እንዳለብኝ ግራ ገባኝ። አንዴ ብዙ አነሳሁና ሪቡ እንደ ቀሚስ ጫፍ ተወዛወዘ፣ ስቀንስ ደግሞ ደረቱ ተሰበሰበ። ቁጥሩ በምን ይታወቃል?

መልስ፦ ቁጥሩ ከራስሽ ሹራብ ነው የሚወጣው እህቴ። መጀመሪያ የሹራቡ ሰውነት ላይ 10 ሳንቲም ለኪና ወደ ጎን ስንት ቀለበት፣ ወደ ላይ ስንት ረድፍ እንዳለ ቁጠሪ። ያንቺ ወደ ጎን 22 ቀለበት፣ ወደ ላይ 30 ረድፍ ነው እንበል። ረድፉ ከቀለበቱ አጭር ስለሆነ ነው በቁመት የሚሄድ ጠርዝ ላይ ከያንዳንዱ ረድፍ አንድ አንድ ስታነሺ የሚበዛብሽ። 22 ለ30 ሲካፈል 0.73 ገደማ ነው፣ ስለዚ ከ4 ረድፍ 3 ታነሺያለሽ፣ ሶስት አንስተሽ አንዱን ትዘያለሽ። ወደ ጎን የሚሄደው ግን፣ ማለትም የኋላው አንገትና የፊቱ መሀል የተዘጋው ቦታ፣ አንድ ለአንድ ነው።

አሁን ሙሉውን እንስራው። የኋላው አንገት 30 ቀለበት ተዘግቷል፣ የፊቱ መሀል 14፣ ከዛ በያንዳንዱ ጎን 3፣ 2፣ 1፣ 1፣ 1 እያልሽ በ10 ረድፍ ውስጥ 8 ቀለበት ቀነስሽ፣ ቀጥሎ 8 ረድፍ ቀጥ ብሎ ትከሻ ደረሰ። ቀጥ ያለው 8 ረድፍ በ4ቱ 3 ሲሆን 6 ቀለበት ይሰጥሻል። ሰያፍ የሆነው ቦታ ላይ ግን የረድፍ ቁጥር ብቻ አይሰራም፣ ምክንያቱም ሰያፍ ከቁመቱም ከስፋቱም ይረዝማል። በሜትር ለኪው፣ ወደ 5 ሳንቲም ነው የሚመጣው፣ በ2.2 ስታባዢው 11 ቀለበት። አንድ ጎን 17 ሆነ ማለት ነው፣ ሁለቱ 34። 30 እና 14 ስትጨምሪበት 78። አንድ ቀጥታ አንድ ግልብጥ ለሚሄድ ሪብ ለ2 የሚካፈል ቁጥር ስለሆነ ይመቻል። ሁለት በሁለት ከፈለግሽ ለ4 የሚካፈል መሆን አለበት፣ ወደ 76 አውርጂውና ሁለቱን ከኋላው ቀንሺ፣ ከፊት አይደለም፣ ከፊት ያጎደልሽው ይታያል።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ እኔ ሁሌ ከያንዳንዱ ረድፍ ነው የማነሳው፣ ከዛ ሪቡን በቀጭን መርፌ እሰራዋለሁ፣ ቀጭን መርፌ ያጠበዋል። ይሄ ሁሉ ሂሳብ ለምን አስፈለገ?

መልስ፦ ቀጭን መርፌ መጠቀምሽ ልክ ነው፣ ሰውነቱ በ4 ሚሊ ከተሰራ ሪቡ በ3.5 ወይም በ3.25 ይሻላል። ግን ቀጭን መርፌ ቀለበቱን ያሳንሳል እንጂ ቁጥሩን አይቀንስም። ከ4 ረድፍ 3 በቂ ሲሆን 4 ካነሳሽ ከሶስቱ አንድ ትርፍ ይዘሻል፣ ያን ያህል ትርፍ መርፌ ብቻውን አይሸከመውም። ያንቺን መንገድ ማዳን የሚቻለው ሁሉንም አንስተሽ በመጀመሪያው ዙር ከየአራቱ አንዱን ከጎኑ ጋር አንድ ላይ ብትሰሪው ነው። ቀዳዳ እንዳይታይ ብለው ሆን ብለው እንደዛ የሚሰሩ አሉ። መገጣጠሚያው ስር ትንሽ ይወፍራል፣ በወፍራም ክር እኔ አልወደውም፣ በቀጭን ክር ግን አያስቸግርም።

ጥያቄ (ከስቶክሆልም)፦ ቁጥሬ ልክ ነው፣ አይወዛወዝም፣ ግን የፊቱ መሀል አልቆ ጎኑ የሚጀምርበት ሁለቱ ማዕዘን ላይ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ አለ።

መልስ፦ እዛ ጋ የተዘጋው ቀለበት ከጎኑ ጠርዝ ጋር ስላልተያያዘ መሀሉ ክፍት ነው። ብዙ ሰው ቀዳዳውን አይቶ መርፌውን እዛው ቀዳዳ ውስጥ ከቶ ያነሳል፣ ያ ነው የሚያሰፋው። ቀዳዳውን ተይውና ከሱ ዝቅ ብሎ ካለው ሙሉ ቀለበት አንሺ፣ ከቀዳዳው ወዲያና ወዲህ አንድ አንድ። አሁንም ክፍት ከሆነ በመሀል ያለችውን አግዳሚ ክር አንስተሽ ጠምዝዘሽ መርፌው ላይ አድርጊያትና በሚቀጥለው ዙር ከጎኗ ካለው ጋር አንድ ላይ ስሪያት፣ ቁጥሩም ወደ ቦታው ይመለሳል።

ጠቅላላ ጠርዙ ላይ ደግሞ ከዳሩ የመጀመሪያዋ ቀለበት ውጪ ላይ አትወጊ፣ አንድ ሙሉ ቀለበት ትተሽ በአንደኛውና በሁለተኛው መሀል አስገቢ። በሁለት ክር ስር ገብተሽ ነው ክሩን የምትስቢው፣ በአንድ ክር ብቻ ከያዝሽው ይላላና ቀዳዳ ይሆናል። እጅሽ ካልታዘዘ ኪሮሽ ተጠቀሚ፣ በኪሮሽ ስበሽ ወደ መርፌ አዛውሪ።

ጥያቄ (ከሀዋሳ)፦ የኔ ቪ አንገት ነው፣ ጫፉ ላይ ወደ ውጪ ይገለበጣል፣ እዛም ከአራት ሶስት ነው?

መልስ፦ ጎኖቹ ያው በሰያፍ ልኬት ናቸው። የሚገለበጠው ግን ጫፉ ላይ ስለማትቀንሺ ነው። መሀሏን አንድ ቀለበት በመርፌ ቁልፍ ምልክት አድርጊባት፣ ከዛ በየሁለት ዙሩ ከሷ ግራና ቀኝ አንድ አንድ ቀንሺ። ሪቡ ጫፉ ላይ በጣም ከተጨናነቀ ግን በየሶስት ዙሩ አድርጊው፣ ይሄ እንደ ቪው ስፋት ይለያያል።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ 78ቱን እንዴት ነው እኩል የማከፋፍለው? እኔ ስጀምር ጥሩ ነኝ፣ መጨረሻ ላይ ይጎድለኛል።

መልስ፦ ዙሩን በአንድ ትንፋሽ አትሂጂው። መርፌ ቁልፍ በትከሻዎቹ፣ በሁለቱ ማዕዘን፣ እና ሰያፉ አልቆ ቀጥ ያለው በሚጀምርበት አስቀምጪ። ከግራ ትከሻ ጀምረሽ የሹራቡን ፊት ለፊትሽ አድርገሽ ወደ ታች ውረጂ፦ 6፣ 11፣ 14፣ 11፣ 6፣ ከዛ የኋላው 30። የየክፍሉ ቁጥር ቀድሞ ስለታወቀ ስህተቱ ከአንድ ክፍል አያልፍም። ግራና ቀኙ እኩል መሆን አለበት፣ አንዱ 17 ሌላው 19 ከሆነ አንገቱ ወደ አንድ ጎን ይዞራል።

ሶስት አራት ዙር ከሰራሽ በኋላ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተሽ እይው። ሰውነቱ ከሪቡ ስር ከተሸበሸበ አንሷል። ሪቡ ራሱ ከተወዛወዘ በዝቷል። በዚህ ጊዜ መፍታት ቀላል ነው።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ ከስር ልክ ሆኖ ከላይ ጫፉ ብቻ የሚከፈተውስ? ደሞ የመጀመሪያውን ዙር ሁሉንም ቀጥታ ነው የምትሰሪው ወይስ ወዲያው ሪብ?

መልስ፦ ከላይ ብቻ የሚከፈተው ሪቡ ሰፊ ስለሆነ ነው። አንገት ክብ ነው፣ ክብ ወደ ውስጥ በአንድ ሳንቲም ሲጠብ ዙሪያው ጠፍጣፋ ቢሆን በ6 ሳንቲም ገደማ ይቀንሳል። አንገት ወደ ላይ ስለሚቆም ያን ያህል ባይሆንም መጥበብ አለበት። እስከ 2 ሳንቲም ተኩል ሪቡ በራሱ ስቦ ይይዘዋል፣ ከዛ በላይ ከሆነ ግማሹ ላይ በግማሽ ሚሊ የቀጠነ መርፌ ቀይሪ። ስትዘጊ ደግሞ እንደ ሪቡ ቀጥታውን በቀጥታ ግልብጡን በግልብጥ ዝጊ። የልጅ ራስ 50 ሳንቲም አካባቢ ነው፣ ከመቁረጥሽ በፊት ጫፉን በእጅ ለጥጠሽ በሜትር ለኪ፣ 50 ካልደረሰ ፍቺውና በወፍራም መርፌ ዝጊ።

ስለ መጀመሪያው ዙር ግን ሰው ሁሉ አይስማማም። አንድ ዙር ቀጥታ ሲሰራ መስመሩ ንፁህ ይሆናል፣ በተለይ በሌላ ቀለም ሪብ ለሚሰራ። በአንድ ቀለም ከሆነ ወዲያው ሪብ የሚገቡ ብዙ ናቸው። እኔ ቀጥታውን ዙር እሰራና የተነሳውን ቀለበት ከኋላው እግሩ ወግቼ አጠማዝዘዋለሁ፣ የላላው ይጠብቃል።

ጥያቄ (ከባህር ዳር)፦ የኋላውን ሳልዘጋ ቀለበቶቹን ክር ላይ ትቼ ብቀጥላቸውስ?

መልስ፦ ይቻላል፣ ለስላሳም ይሆናል። ግን የተዘጋው ጠርዝ ነው የሹራቡን ክብደት የሚይዘው፣ ካልተዘጋ በከባድ ክር ጊዜ እየቆየ ኋላው ወደ ታች ይለጠጣል። ለህፃን ቀጭን ሹራብ ክር ላይ ተይው፣ ለአዋቂ ወፍራም ሹራብ ዝጊው።