ኤክሰሱ ያንተ ነው፣ የቀረው የኢንሹራንሱ

«ከኋላ የገጨኝ ፒክአፕ ነው። ትራፊክ ፖሊስም ጥፋቱ የሱ ነው ብሎ ጽፏል። ሙሉ ኢንሹራንስ ስላለኝ የኔው ድርጅት 180,000 ብር ከወጣበት ጥገና 162,000 ብር ከፈለ፣ 18,000 ብር ኤክሰስ ነው ተብሎ ከኪሴ ወጣ። አሁን ድርጅቱ ለሰውየው 162,000 ብር ክፈል የሚል ደብዳቤ ጽፎለታል። ሰውየው ደወለልኝና ‹ኤክሰስህን ልስጥህ፣ ሌላ ጥያቄ የለኝም ብለህ ፈርምልኝ› አለኝ። እኔ ፕሪሚየም የምከፍለው ለዚህ አይደል እንዴ? ለምን ሰውየውን ያስጨንቁታል? የኔስ 18,000 በማን በኩል ነው የሚመለሰው?»

ወንድሜ፣ ገንዘቡን ተቀበል፣ ያንን ወረቀት ግን አትፈርም። ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ፣ እንዴት እንደሚሄዱ ልንገርህ። እኔ ይህን የተማርኩት በሁለት አደጋ ነው። የመጀመሪያው ብዙ ብር አስከፍሎኛል።

መጀመሪያ ነገሩን ከሰውየው በኩል እንየው። ኢንሹራንስ ባይኖርህ ኖሮ 180,000 ብሩን የምትጠይቀው እሱን ነበር። ኢንሹራንስ ያለህ መሆኑ የሱን ዕዳ አይሰርዝለትም። ፕሪሚየሙን የምትከፍለው አንተ ነህ፣ እሱ ለዚያ ውል አምስት ሳንቲም አላዋጣም። ስለዚህ ሕጉ የሚለው ቀላል ነው። ድርጅቱ ከከፈለ በኋላ፣ በከፈለው መጠን፣ አንተ በአጥፊው ላይ የነበረህን መብት ይረከባል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ቁጥር 683 ላይ ነው ያለው። በ2013 ዓ.ም. አዲስ የንግድ ሕግ ሲወጣ የመድን ክፍሉ አልተነካም፣ ያው የድሮው ነው የሚሠራው። የሕግ ሰዎች መዳረግ ይሉታል፣ ካሳ ክፍል ያሉት ደግሞ ሰብሮጌሽን ይላሉ። ያንተን ጫማ አድርገው ይሄዳሉ ማለት ነው።

ቁልፉ ያለው «በከፈለው መጠን» የሚለው ላይ ነው። ድርጅቱ የከፈለው 162,000 ነው። ስለዚህ የተረከበው የ162,000 ብር ጥያቄ ነው። የቀረው 18,000 መቼም ካንተ እጅ አልወጣም። ኤክሰስ ማለት በአንተና በድርጅቱ መካከል «ይህችን እኔ እችላለሁ» ብለህ የተዋዋልከው ነው። ለገጨህ ሰው የተደረገ ቅናሽ አይደለም። እሱ ዘንድ ስትሄድ ሙሉ ጉዳትህ አሁንም 180,000 ነው፣ ልዩነቱ ጠያቂዎቹ ሁለት መሆናቸው ብቻ ነው። በጥገናው ወቅት ለታክሲ ያወጣኸው፣ ፖሊሲህ የማይሸፍነው ወጪም ካለ፣ ከኤክሰሱ ጋር ያንተው ጥያቄ ነው። ደረሰኝ ካለህ ማለቴ ነው።

አሁን ወደ ፊርማው። ያ የንግድ ሕግ ቁጥር ሁለተኛ ነገርም ይላል። መድን ገቢው በራሱ አድራጎት ድርጅቱ አጥፊውን እንዳይጠይቅ ካደረገ፣ ድርጅቱ በሙሉም ሆነ በከፊል ከመክፈል ነጻ ሊሆን ይችላል። እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሳሪስ አካባቢ አንድ አይሱዙ በጎን በኩል በሩን ጨፈለቀብኝ። ሹፌሩ ወጣት ልጅ ነው፣ ለመነኝ። ሰው ተሰብስቦ «በስምምነት ጨርሱት» አለ። እኔም 15,000 ብር ተቀብዬ «ተስማምተናል፣ ከእንግዲህ አንዳችን በአንዳችን ላይ ጥያቄ የለንም» የሚል ወረቀት ፈረምኩ። ጋራዥ ገብቶ በሩ ሲፈታ ምሰሶው ታጥፏል። ፕሮፎርማው 64,000 ብር መጣ። ወደ ኢንሹራንሴ ሄድኩ። ካሳ ክፍል ያለችው ልጅ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «የፈረሙት ነገር አለ?» የሚል ነበር። ወረቀቱን ሳሳያት ፊቷ ተለወጠ። «እኛ ከፍለንዎት ማንን እንጠይቅ? ሰውየውን እርስዎ አሰናብተውታል» አለችኝ። 49,000 ብሩን ከኪሴ ቻልኩ። ድርጅቱን ስረግም ከረምኩ፣ ግን ልጅቷ ትክክል ነበረች።

ያንተ ጉዳይ ትንሽ ይሻላል፣ ምክንያቱም ድርጅቱ አስቀድሞ ከፍሏል፣ ደብዳቤም ደርሶታል። ሰውየው ያንተ ያልሆነን መብት ከአንተ ሊገዛ ነው የሚሞክረው። ቢሆንም «ሌላ ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት በእጁ ይዞ ፍርድ ቤት ቢቀርብ ለድርጅቱ ራስ ምታት ነው፣ ድርጅቱም ዞሮ አንተን ይጠይቃል። ምናልባት ክፍያውን ስትወስድ የፈረምክበት ሰነድ ላይ «መብቴን አስተላልፌያለሁ፣ በክሱ እተባበራለሁ» የሚል መስመር አለ። ቅጂውን አውጥተህ አንብበው። ብዙዎቻችን ሳናነብ ነው የምንፈርመው።

ስለዚህ ሲደውልልህ እንዲህ በለው። «18,000ውን እቀበልሃለሁ። የምሰጥህ ወረቀት ግን የኤክሰሴን ብቻ ነው።» ወረቀቱ ላይም ከዚህ በላይ አትጻፍ፦ በዚህ ቀን በደረሰው አደጋ በኢንሹራንስ ያልተከፈለኝን 18,000 ብር ኤክሰስ ተቀብያለሁ፣ ይህ ደረሰኝ መድን ሰጪዬ በከፈለው ገንዘብ ላይ ያለውን መብት አይነካም። የሰሌዳ ቁጥሮቹን ጨምር። ክፍያው በባንክ ይሁን። ከዚያ ቅጂውን ለድርጅትህ ስጥ፣ ያለበለዚያ እነሱም ያንኑ 18,000 ከሱ ሊጠይቁ ይችላሉ። አንድን ጉዳት ሁለቴ መቀበል አይቻልም።

እምቢ ካለህስ? ብቻህን ለ18,000 ብር ጠበቃ ይዘህ ፍርድ ቤት መመላለስ አያዋጣም። የሚያዋጣው ከድርጅቱ ጥያቄ ጋር መሳፈር ነው። ሁለተኛው አደጋዬ ላይ ይህን ሳላውቅ ሰባት ወር ተቀምጫለሁ። «እነሱ ሲያስመልሱ የኔንም ይሰጡኛል» ብዬ ነበር። ስጠይቅ ገንዘቡ ገብቷል፣ ፋይሉ ተዘግቷል። የጠየቁት የራሳቸውን ብቻ ነው። አልዋሹኝም፣ የኔን እንዲጠይቁ ማንም አልነገራቸውም። ከዚያ የመኪናውን ባለቤት ራሴ ፈልጌ፣ የትራፊክ ሪፖርቱን፣ የጋራዡን ደረሰኝና ድርጅቱ ኤክሰስ የቀነሰበትን ደብዳቤ አሳይቼ፣ በሁለት ጊዜ ክፍያ 9,300 ብሬን ተቀበልኩ። ሰውየው ደግ ስለሆነ ነው። ከፍለህ የጨረስክ መስሎህ ሌላ ጠያቂ ሲመጣ ማንም አይደሰትም።

አንተ ግን ዛሬውኑ ለካሳ ክፍል አጭር ደብዳቤ አስገባ፣ ማኅተም አስመታበት። በአጥፊው ላይ በምታቀርቡት ጥያቄ ውስጥ የእኔንም 18,000 ብር እንድታካትቱ፣ በእኔ ድርሻ ላይም ሳታማክሩኝ እንዳትስማሙ ብለህ ጻፍ። ይህ ሁለተኛው ሐረግ ትርፍ አይደለም። ድርጅቶች ከክስ ይልቅ በድርድር መጨረስ ይወዳሉ፣ 162,000 ጠይቀው በ120,000 ሊስማሙ ይችላሉ። የራሳቸው ነው፣ መብታቸው ነው። ያንተን ግን አብረው እንዳይቀንሱት። «የእርስዎን አናካትትም» ካሉህም በጽሑፍ ይስጡህ፣ ቢያንስ ራስህ መሄድ እንዳለብህ ታውቃለህ።

ገንዘቡ በተግባር የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከሰውየው ኪስ አይደለም። የግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ አለው፣ የንብረት ጉዳትንም ይሸፍናል። ግን በሕግ የተቆረጠ ጣሪያ አለው፣ ከጣሪያው በላይ ያለውን ባለቤቱ ራሱ ይችላል። ድርጅትህ መጀመሪያ የሚጽፈው ለሰውየው ቢሆንም ሰውየው ደብዳቤውን ይዞ ወደ ራሱ ኢንሹራንስ መሮጥ ነበረበት። ይህን ንገረው። ምናልባት አንተን የሚለምነው ይህን ስላላወቀ ነው።

አንድ ነገር ግን አስቀድመህ እወቅ። የትራፊክ ሪፖርት ጠንካራ ማስረጃ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም። ሰውየው «በድንገት ፍሬን ያዘብኝ» ብሎ ቢከራከርና ጥፋቱ በዋናነት የሱ መሆኑ ካልተረጋገጠ፣ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2084 ይመጣል። ሁለት መኪኖች ሲጋጩ ሁለቱም እኩል አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ይገመታል፣ የጠቅላላውን ጉዳት ግማሽ ግማሽ ይሸከማሉ። ያንተ 180,000፣ የሱ 60,000 ነው እንበል። ድምሩ 240,000፣ የእያንዳንዳችሁ ድርሻ 120,000። አንተ ዘንድ የደረሰው ጉዳት 180,000 ስለሆነ ከሱ የሚመጣው 60,000 ብቻ ነው። ያንን ከድርጅትህ ጋር እንደየድርሻችሁ ብትካፈሉ፣ ያንተ 10 ከመቶ ስለሆነ የምታገኘው 6,000 ብር ነው። ኤክሰስ «ይመለሳል» የሚለው ቃል ሁልጊዜ ሙሉውን ማለት እንዳልሆነ ያየኸው እዚህ ላይ ነው። የአደጋው ፕላን፣ ፎቶና የምስክር ስልክ በእጅህ ካለ አትጣለው።

ጊዜውም ይሮጣል። ከውል ውጭ የሚቀርብ የካሳ ጥያቄ ጉዳቱ ከደረሰ ሁለት ዓመት ካለፈው በይርጋ ይታገዳል። የሚቆጠረው አደጋው ከደረሰበት ቀን ነው፣ ድርጅቱ ከከፈለህ ወይም ፋይሉን ከዘጋ ቀን አይደለም። «በሂደት ላይ ነው» የሚል መልስ እየሰማህ ዓመት ተኩል ካለፈ፣ ያንተን 18,000 ይዘህ ራስህ ተንቀሳቀስ።

ለሌሎቻችሁ በነገር ላይ፦ የገጫችሁ የራሳችሁ ልጅ፣ ወላጅ፣ ተቀጣሪ ሹፌር ወይም አብሯችሁ የሚኖር ሰው ከሆነ፣ ሆን ብሎ ካላደረገው በቀር ድርጅቱ ከፍሎ ዞሮ እሱን መጠየቅ አይችልም። እዚህ ግሩፕ ላይ ባለፈው «ወንድሜ ግቢ ውስጥ ሲያዞር ገጨው፣ ሊከሱብኝ ነው» ያለች እህት ነበረች። አብሯት የሚኖር ከሆነ ትረጋጋ።

ሰውየው ወረቀቱን በራሱ አስጽፎ ካመጣ እዚያው ቆመህ እንዳትፈርም። ፎቶ አንስተህ ካሳ ክፍል ላከው፣ «ልፈርም ወይ?» ብለህ ጠይቅ፣ መልሱንም በጽሑፍ ያዝ።