ራፍ ከቱን ለጥቂት ሰው ስናሳይ፦ ጥያቄና መልስ ከጅማ

ከአጂፕ፦ ጋሼ፣ የ22 ደቂቃ ድራማ ራፍ ከት፣ ማለትም የመጀመሪያውን ያልተጣራ ቅንብር፣ ጨርሻለሁ። ስንት ሰው ልጥራ? እነማንን?

ስድስት ሰባት ሰው ይበቃል። ስክሪፕቱን ያነበበ ወይም ቀረጻ ላይ የነበረ አይምጣ። እሱ ፊልሙ ያልተናገረውንም ከራሱ እየሞላ ነው የሚያየው። ቀለሙ ገና ባይሠራም ግድ የለም፤ ንግግሩ ግን ጥርት ብሎ ይሰማ። ኤክስፖርት ስታደርግ ደቂቃና ሰከንዱ ስክሪኑ ጥግ ላይ ይታይ።

ከሕርማታ፦ እኔ ከ1 እስከ 5 ነጥብ የሚሰጡበት ወረቀት ነው የማድለው። አይበቃም?

ወረቀቱን ወድጄዋለሁ። ወሬ ሳይጀመር ሁሉም የየራሱን ይጽፋል፤ አንዱ ደፋር ሌላውን አይጎትትም። ነጥቡ ግን ብዙ አይረዳሽም። 4 የሰጠሽ ሰው የቱ ጋ እንደጠፋበት አያሳይሽም። ይልቅ «ታሪኩን ላላየው ሰው ንገሩት» ብለሽ አጽፊያቸው።

ከጅሬን፦ አዳራሽ በስንት ይከራያል? ትኬትስ እንሽጥ?

እሱ የምረቃ ጉዳይ ነው። ይሄ ሳሎን ውስጥ፣ በቴሌቪዥን ይሆናል።

ከአጂፕ፦ እነሱ ሲያዩ እኔ ምን ልጻፍ?

ፊታቸው በሚታይህ ጥግ ተቀመጥ፤ ስክሪኑን ተወው። ማን ስልክ አነሳ፣ ማን ጎረቤቱን «ማናት?» አለ፣ ሳቁ የት መጣ፣ የት ቀረ? ከነደቂቃው ጻፍ። ምክንያቱን ያኔ አትጻፍ።

ለምን መሰለህ? በአንድ የቡና ነጋዴ ቤተሰብ ድራማ 9ኛው ደቂቃ ላይ ትልቁ ጠብ ነበር። ሴትየዋ ውርስ ትጠይቃለች። እዚያ ላይ ተመልካቾቹ ስልክ በስልክ ሆኑ። አዘጋጁ ጠቡን ሊያሳጥረው ተነሳ። ወረቀቱን ስናነብ ግን አራቱ «ሚስቱ» ብለዋታል። እህቱ ናት! ይህ የተነገረው 4ኛው ደቂቃ ላይ በአንዲት ቃል ነበር፤ እሷንም የቡና መፈልፈያው ድምፅ ውጧታል። ቃሏን እንደገና ቀዳናት፣ ጠቡን አልነካነውም። አዲስ ተመልካቾች ስንጠራ በዚያ ቦታ ስልክ ያነሳ አልነበረም። የፊተኞቹን ብንጠራ እህቱ መሆኗን አስቀድመው ስለሚያውቁ ምንም አያሳዩንም ነበር።

ስለዚህ ተመልካች ሲሰለች ቀድመው የመጡትን ደቂቃዎችም ፈትሽ። «ይሄን ቁረጠው» ሲሉህ ሕመሙን እመን፣ መድኃኒቱን ግን ራስህ ፈልግ።

ከኪቶ ፉርዲሳ፦ የኔ ዘጋቢ ፊልም ነው። ንግግሩ አፋን ኦሮሞ፣ ጽሑፉ አማርኛ። ሁሉም «አሪፍ ነው» ብለው ቡናቸውን ጠጥተው ሄዱ።

ይሉኝታ ነው፤ አንተ ፊት ማን ይናገራል? «ወደዳችሁት?» አትበል፤ «የት ጋ ደከማችሁ?» በል። ጥያቄውንም ፊልሙ ውስጥ የሌለ ሰው ይጠይቅልህ። ቋንቋውን የሚሰሙትንና ጽሑፍ የሚያነቡትን ደግሞ ለየብቻ መዝግብ። አንባቢዎቹ ብቻ ግር ካላቸው ጽሑፉ ቶሎ እያለፈባቸው ሊሆን ይችላል።

ከመርካቶ፣ ኤዲተር ነኝ፦ እኔ ዳይሬክተሩ ጭራሽ ክፍሉ ውስጥ መኖር የለበትም ባይ ነኝ። እሱ ካለ የውሸት ይስቃሉ።

ልክ ነህ፣ ይስቃሉ። ግን የሰው ፊት ያላየ ዳይሬክተር በወረቀት ብቻ ሲነገረው ሲከራከር አይቻለሁ። እኔ ከኋላ ጨለማው ውስጥ አስቀምጠዋለሁ፤ አንተ አስወጥተህ ሞክርና ያየኸውን ንገረን።