ስቶክሆልም ላይ ጥቁር ቆዳ ለምን አልቀረም?

«ሁላችንም ከአፍሪካ ከወጣን፣ ስዊድኖች ለምን ነጡ? ብርዱ ነው እንዴ?»

ብርዱ እንኳ የለበትም። ነገሩ የአልትራቫዮሌት ጨረር ነው። ምድር ወገብ አካባቢ ጨረሩ ዓመቱን ሙሉ ብርቱ ስለሆነ በደም ውስጥ ያለውን ፎሌት የተባለ ቫይታሚን ያፈርሳል። ፎሌት ያነሳት እርጉዝ ደግሞ የፅንሷ ኅብለ ሰረሰር በመጀመሪያዎቹ 4 ሳምንታት በደንብ ላይዘጋ ይችላል። ጥቁር ቆዳ እዚያ ጋሻ ነው።

ስቶክሆልም ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ታኅሣሥ ላይ ፀሐይ ብትወጣም ቫይታሚን ዲ የሚያሠራው ጨረር መሬት አይደርስም ማለት ይቻላል። በበጋ የሚገኘውን ጥቂት ጨረር ደግሞ ቆዳን የሚያጠቁረው ሜላኒን ይከለክላል። በሺዎች ዓመታት ውስጥ የነጣ ቆዳ የበረከተው ለዚህ ነው። የሰሜን ዋልታ አካባቢ ነባር ሕዝቦች የሆኑት ኢኑዊቶች ከዚያም ሰሜን እየኖሩ ጠየም ያሉት፣ ቫይታሚን ዲውን ከዓሣና ከባሕር እንስሳት ስብ ስለሚያገኙት ነው።

እዚያ የምትኖር ሐበሻ ከሆንክ፣ የቫይታሚን ዲህን መጠን ተመርመር።